25 በመቶ የሚያተርፍ ዘርፍ ማደግ ለምን ይፈራል?

አንድ አክሲዮን ማኅበር ሁለት ዘርፍ አለው እንበል፤ አንዱ ዱቄት ይፈጫል፣ ሌላው ፓስታ ያመርታል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኃላፊ አላቸው። ኃላፊዎቹ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፣ ዋጋ ይተምናሉ፣ የትኛው ማሽን ይገዛ የሚለውንም ሐሳብ የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ዓመቱ ሲዘጋ ማን ጥሩ እንደሠራ ይመዝናል፤ ቦነሱም የሚከፈለው በዚሁ ሚዛን ነው።

የዱቄት ዘርፉ በ40 ሚሊዮን ብር ንብረት ሠርቶ 10 ሚሊዮን ብር አተረፈ። ትርፉ ለንብረቱ ሲካፈል 25 በመቶ ይሆናል። በሪፖርቱ ላይ የሚታየው ይህ ቁጥር የካፒታል ትርፍ ምጣኔ ይባላል፤ የሒሳብ ሰዎች ባጭሩ አር ኦ አይ ይሉታል። ማኅበሩ የሚሠራበት ገንዘብ ደግሞ በነፃ የመጣ አይደለም። ከፊሉ የባንክ ብድር ነው፣ ከፊሉ ባለአክሲዮኖች ሌላ ቦታ ቢያውሉት ሊያተርፉበት ይችሉ የነበረ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ተዳምረው ለማኅበሩ በዓመት 14 በመቶ ያስወጡታል እንበል።

አሁን ለዱቄት ዘርፍ ኃላፊዋ አንድ ጥናት ይቀርብላታል። 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የማሸጊያ መስመር ቢተከል በዓመት 1.8 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ትርፍ ያመጣል፤ ማለትም 18 በመቶ። ገንዘቡ የሚጠይቀው 14 ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው ለባለአክሲዮኑ ጥቅም ነው። ኃላፊዋ ግን ጥናቱን መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ምክንያቷ ከካልኩሌተር አያልፍም። መስመሩ ከተተከለ ትርፏ 11.8 ሚሊዮን፣ ንብረቷ 50 ሚሊዮን ይሆናል፤ ምጣኔዋ ከ25 ወደ 23.6 በመቶ ይወርዳል። ብዙ አትርፋ፣ በሪፖርት ግን ወርዳ ልትታይ ነው።

በፓስታው ዘርፍ የሚሆነው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ 40 ሚሊዮን ብር ንብረት የሚያስገኘው ትርፍ 3.6 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ ምጣኔው 9 በመቶ ነው። ለኃላፊው 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ፣ በዓመት 1.1 ሚሊዮን የሚያስገባ የፓስታ ማድረቂያ ማሽን ይቀርብለታል። ይህ 11 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ከሚያስወጣው 14 በመቶ በታች ስለሆነ ማኅበሩን ያከስረዋል። ኃላፊው ግን ይሮጥለታል፤ ምጣኔው ከ9 ወደ 9.4 በመቶ ከፍ ይልለታላ። በአንድ ማኅበር፣ በአንድ ዓመት፣ 18 በመቶ የሚያስገኘው ሐሳብ ተቀበረ፤ 11 በመቶ የሚያስገኘው ተገዛ። ሁለቱም ኃላፊዎች ሚዛኑ የጠየቃቸውን ነው ያደረጉት።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በእኔ እይታ ከሁለቱ የከፋው ይኸኛው ነው። የዱቄት ዘርፉ ካሉት ወፍጮዎች አንዱ የመዝገብ ዋጋው 8 ሚሊዮን ብር ሆኖ በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያስገባል እንበል። 20 በመቶ የሚያተርፍ ጤነኛ ወፍጮ ነው። ኃላፊዋ በመዝገብ ዋጋው ብትሸጠውና ገንዘቡን ለዋናው መሥሪያ ቤት ብትመልስ የሚቀራት ትርፍ 8.4 ሚሊዮን፣ ንብረት 32 ሚሊዮን ነው። ምጣኔዋ ወደ 26 በመቶ ከፍ ይላል። በየዓመቱ ከሁሉ ዝቅ ያለውን እየሸጠች ብትቀጥል አንድ ቀን በአገሩ አቻ የሌለው ምጣኔ ያላት የአንዲት ወፍጮ ኃላፊ ትሆናለች።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ምጣኔው የተፈለሰፈው በአላዋቂዎች ነው ማለት አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ከተማ በሚገኘው የፈንጂ አምራች ኩባንያ በዱፖንት ነው። (የውጭውን ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) ዶናልድሰን ብራውን በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀ ሰው ነበር። በ1909 ዱፖንት ሲገባ ሥራው ፈንጂ መሸጥ ነበር። ኋላ ወደ ገንዘብ ክፍል ተዛወረና በ1910ሮቹ የመጀመሪያ ዓመታት ምጣኔውን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ክፍል ከእያንዳንዱ የሽያጭ ብር ስንት ሳንቲም ትርፍ ሆኖ ይቀራል የሚለው ነው። ሁለተኛው የተያዘው ካፒታል በዓመት ስንት ጊዜ ወደ ሽያጭ ይዞራል የሚለው ነው። የሁለቱ ብዜት ምጣኔውን ይሰጣል።

ወደ ምሳሌያችን እንመልሰው። ዱቄቱ በዓመት 100 ሚሊዮን ብር ይሸጣል፤ ከአንድ ብር ሽያጭ 10 ሳንቲም ይተርፈዋል፤ 40 ሚሊዮኑ ሁለት ጊዜ ተኩል ይዞራል። ፓስታው 60 ሚሊዮን ይሸጣል፤ ከአንድ ብር 6 ሳንቲም ይቀረዋል፤ ካፒታሉ የሚዞረው አንድ ጊዜ ተኩል ነው። እዚህ ላይ ብራውን ያየው ነገር ይታያል። የፓስታው ችግር ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መጋዘኑ ሞልቶ ገንዘቡ ቆሟል። ያለ ሥራ የተቀመጠ 10 ሚሊዮን ብር ክምችት ቢለቀቅ፣ ሽያጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ካፒታሉ ሁለት ጊዜ መዞር ይጀምራል፤ ምጣኔውም 12 በመቶ ይገባል። ትርፍና ኪሳራ ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት ይህን አይናገርም።

ብራውን በ1921 ወደ ጄኔራል ሞተርስ ሲሄድ ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ሄደ። ዱፖንት በመኪና አምራቹ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ገዝቶ ነበር። ኩባንያው ደግሞ ገና ከ1920ው ቀውስ እየወጣ ነበር፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ዘርፎቹ በየፊናቸው የገዙት ዕቃ ተከምሮ ቀርቷል። ቡዊክ፣ ካዲላክ፣ ሼቭሮሌትና ሌሎቹ እንደ ራስ ገዝ መንደር ይተዳደሩ ስለነበር ዋናው መሥሪያ ቤት በማን እጅ ምን ያህል ገንዘብ እንደታሰረ በውል አያውቅም ነበር። በ1923 ፕሬዚዳንት የሆነው አልፍሬድ ስሎን ዘርፎቹን ሳያፈርስ ለመቆጣጠር የፈለገው የብራውንን ዓይነት አንድ ወጥ ቁጥር ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር ልዩነት አለ። በዱፖንት ምጣኔውን በዋናነት የሚጠቀሙበት ገንዘቡን የሚደለድሉት የበላይ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ለየትኛው ፋብሪካ ይጨመር፣ ከየትኛው ይቀነስ የሚለውን ለመወሰን ሁሉንም ጎን ለጎን ያዩታል። እነሱ የራሳቸውን አማካይ ለማስጠበቅ ብለው ጥሩ ፕሮጀክት የሚጥሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ጣጣው የመጣው ቁጥሩ ወደ ታች ወርዶ የዘርፍ ኃላፊው ማርክ ሲሆን፣ ከዚያም ቦነሱ ከማርኩ ጋር ሲታሰር ነው። ያኔ ኃላፊው የሚያወዳድረው አዲሱን ፕሮጀክት ከ14 በመቶው ጋር መሆኑ ይቀርና ከራሱ ከ25 በመቶው ጋር ይሆናል። በ14 እና በ25 መካከል ያለው ሁሉ ለኩባንያው ትርፍ፣ ለእሱ ኪሳራ ይሆንበታል።

መውጫው ከሂሳብ አንጻር ቀላል ነው። በመቶኛ እንጀራ አይገዛም፤ ስለዚህ በመቶኛውን ተውና የሚቀረውን ብር ቁጠር። ዘርፉ ካተረፈው ላይ ለያዘው ካፒታል የሚገባውን ክፍያ ቀንስ፤ የተረፈው ቀሪ ትርፍ ይባላል። ባለሙያዎች ሬዚድዋል ኢንካም የሚሉት ይህንን ነው።

የዱቄቱ ዘርፍ 40 ሚሊዮን ይዟል፤ 14 በመቶው 5.6 ሚሊዮን ነው። ከ10 ሚሊዮን ትርፉ ላይ ሲነሳ 4.4 ሚሊዮን ይቀራል። የማሸጊያው መስመር ቢገባ ትርፉ 11.8 ሚሊዮን፣ የካፒታሉ ክፍያ 7 ሚሊዮን፣ ቀሪው 4.8 ሚሊዮን ይሆናል። ኃላፊዋ 400 ሺህ ብር ወደ ላይ ከፍ ብላለች፤ ጥናቱን ከመሳቢያ ታወጣዋለች። ፓስታው ዘርፍ ከመጀመሪያውም ቀሪ ትርፉ ከዜሮ በታች 2 ሚሊዮን ነው። ማድረቂያውን ቢገዛ ጉድለቱ 2.3 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ስለዚህ ይተወዋል። ደህናዋን ወፍጮ መሸጥም አያዋጣም፤ የዱቄቱ ቀሪ ትርፍ ከ4.4 ወደ 3.92 ሚሊዮን ይወርዳል። ሦስቱም ውሳኔዎች ባለአክሲዮኑ ቢጠየቅ ከሚሰጠው መልስ ጋር ገጠሙ። የገጠሙት አንድ የጋራ መለኪያ፣ ያ 14 በመቶ፣ ለሁለቱም ኃላፊዎች እኩል ስለቀረበላቸው ነው።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እዚሁ ላንሳ። ክፍያው የሚቀነስበት ትርፍ የባንክ ወለድ ያልተነሳበት መሆን አለበት። 14 በመቶው የብድሩንም ድርሻ ይዟልና፣ ወለድ ከተቀነሰ በኋላ እንደገና የካፒታል ክፍያ ማንሳት ዘርፉን ለአንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። የዘርፍ ኃላፊዎች ቀሪ ትርፍን ሲያማርሩ ከሰማችሁ መጀመሪያ ይህን መስመር ፈትሹ።

የሚገርመው፣ የምጣኔው ዋና ቤት የነበረው ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ቦነስ ሲከፍል ወደ ቀሪ ትርፍ ያዘነበለ መሆኑ ነው። ለኃላፊዎች ቦነስ የሚመደበው ገንዘብ ከ1922 ጀምሮ የሚሰላው ከትርፉ ላይ የካፒታሉ 7 በመቶ ከተነሳ በኋላ ነበር። ባለአክሲዮኑ ድርሻውን ሳያገኝ ኃላፊው አይቆርስም ማለት ነው። ሐሳቡ ከዚያም በፊት ያለ ነው፤ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለካፒታሉ ወለድ ከተነሳ በኋላ የሚቀረውን የአስተዳደር ገቢ ብሎ ለይቶት ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራውን ወደ ብዙ ዘርፎች ሲያከፋፍል ቀሪ ትርፍን የዘርፎቹ የትርፋማነት መለኪያ አደረገው። ዴቪድ ሶሎመንስ በ1965 ስለ ዘርፎች ምዘና ባሳተመው መጽሐፍ ተሟገተለት፤ ጆን ዲርደን በ1969 በምጣኔው ላይ የክስ ያህል ጽሑፍ ጻፈ።

ክርክሩን ያሸነፉት ይመስላል፤ ገበያውን ግን አላሸነፉም። ጄምስ ሪስና ዊልያም ኩል በ1978 ያወጡት የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎች ጥናት እንዳሳየው፣ የዘርፎቻቸውን ካፒታል ከሚለኩት መካከል 65 በመቶው ምጣኔን ብቻ ይጠቀሙ ነበር፤ ቀሪ ትርፍን ብቻ የሚጠቀሙት 2 በመቶ ናቸው። 28 በመቶው ሁለቱን አጣምረዋል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። በመቶኛ ከባንክ ወለድ ጋር ይወዳደራል፣ ከተፎካካሪ ኩባንያ ጋር ይወዳደራል፣ በስብሰባ ላይ በአንድ ቃል ይነገራል። 4.4 ሚሊዮን ቀሪ ትርፍ ግን ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?

ይህ ጥያቄ የቀሪ ትርፍን የመጀመሪያ ድክመት ይነካል። ማኅበሩ 800 ሚሊዮን ብር የያዘ ሦስተኛ ዘርፍ ቢኖረውና ያ ዘርፍ 15 በመቶ ብቻ ቢያተርፍ፣ ቀሪ ትርፉ 8 ሚሊዮን ይሆናል። ከዱቄቱ 4.4 ሚሊዮን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የሚበልጠው ግን በጉብዝና ሳይሆን በግዝፈት ነው። ስለዚህ ዘርፍን ከዘርፍ በቀሪ ትርፍ ማሰለፍ ፍትሕ የለውም። የሚያዋጣው እያንዳንዱን ከራሱ ዕቅድ ወይም ካለፈው ዓመት ቀሪ ትርፉ ጋር ማስተያየት ነው፤ ዓምና 8 ሚሊዮን የነበረው ዘንድሮ 9 ደርሷል ወይ ብሎ መጠየቅ።

ሁለተኛው ድክመት ጠለቅ ያለ ነው፤ ቀሪ ትርፍን እንደ መድኃኒት የሚሸጡ ሰዎችም አዘውትረው የሚዘሉት እሱን ነው። የካፒታሉ መጠን የሚነበበው ከሒሳብ መዝገብ ነው፤ በመዝገብ ላይ ደግሞ ማሽን በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ ዋጋው ይወርዳል።

10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ፣ አምስት ዓመት የሚያገለግል ማሽን እንውሰድ። በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ብር ጥሬ ገንዘብ ያስገባል፤ የእርጅና ተቀናሹ በየዓመቱ እኩል 2 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ትርፉ ሁልጊዜ 1 ሚሊዮን ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ባለው የመዝገብ ዋጋ ብናካፍለው፣ ምጣኔው በመጀመሪያው ዓመት 10 በመቶ ነው፤ ከዚያ 12.5፣ ከዚያ ወደ 17 ገደማ፣ በአራተኛው 25፣ በአምስተኛው 50 በመቶ ይደርሳል። ማሽኑ አልተሻሻለም፣ ሠራተኛው አልተለወጠም፤ ያረጀው አካፋዩ ቁጥር ብቻ ነው። የማሽኑ እውነተኛ ትርፋማነት በአምስቱ ዓመት ሲሰላ 15 በመቶ ገደማ ነው። ሪፖርቱ ግን ለአንድም ዓመት 15 አላለም።

ቀሪ ትርፍ ይህን ያድናል? በከፊል። በ14 በመቶ ክፍያ የመጀመሪያው ዓመት ቀሪ ትርፍ ከዜሮ በታች 400 ሺህ ነው፤ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 120 ሺህ። ሦስተኛው ዓመት 160 ሺህ ይተርፋል፣ አራተኛው 440 ሺህ፣ አምስተኛው 720 ሺህ። እነዚህን አምስት ቁጥሮች በ14 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ መልሰን ብንደምራቸው ወደ 300 ሺህ ብር ገደማ ይመጣሉ። የማሽኑን የአምስት ዓመት ጥሬ ገንዘብ በዚያው መንገድ ወደ ዛሬ መልሰን 10 ሚሊዮኑን ብንቀንስም የሚቀረው ይኸው 300 ሺህ ነው። ይህ በአጋጣሚ አይደለም፤ የእርጅና ተቀናሹ በምንም መልክ ቢከፋፈል፣ የማሽኑን ዋጋ በሙሉ እስከሸፈነ ድረስ ድምሩ ሁልጊዜ ይገጥማል። ቀሪ ትርፍ በምጣኔው ላይ ያለው ትልቁ ብልጫ ይህ ይመስለኛል፤ በማሽኑ ሙሉ ዕድሜ ላይ አይዋሽም።

ችግሩ ኃላፊ የሚመዘነው በማሽን ዕድሜ ሳይሆን በዓመት መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እዛወራለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ማሽን ከገዛ የሚደርሰው ሁለቱ የጉድለት ዓመታት ናቸው፤ 720 ሺሁን የሚያጭደው ተተኪው ነው። የሚያዋጣ ማሽን በቀሪ ትርፍም ዘመን መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔ አለው፤ ሆኖም ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚሞክሩት። የእርጅና ተቀናሹን በየዓመቱ እኩል ከማድረግ ይልቅ፣ ተቀናሹና የካፒታል ክፍያው ሲደመሩ በየዓመቱ እኩል እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል፤ ልክ የቤት ብድር በእኩል ወርሃዊ ክፍያ እንደሚከፈለው። ለዚህ ማሽን ሁለቱ ተደምረው በዓመት 2.913 ሚሊዮን ይሆናሉ። በመጀመሪያው ዓመት 1.4 ሚሊዮኑ የካፒታል ክፍያ፣ 1.513 ሚሊዮኑ እርጅና ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት የካፒታል ክፍያው እያነሰ እርጅናው ይጨምራል። ማሽኑ 3 ሚሊዮን ስለሚያስገባ ቀሪ ትርፉ በየዓመቱ ወደ 87 ሺህ ብር ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አዎንታዊ፣ እስከ መጨረሻው እኩል። ለግብርና ለውጭ ኦዲተር የሚቀርበው ሒሳብ እንዳለ ሊቀጥል ይችላል፤ ይህ ለውስጥ ምዘና ብቻ የሚያዝ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ነው። የፋይናንስ ክፍሎች የሚሸሹት ሁለት ዓይነት የእርጅና መዝገብ መያዝ ስለሚያሰለች ነው፤ ስልቸታው እውነት ነው፤ ግን በኮምፒውተር ዘመን እንደ ምክንያት ሲቀርብልኝ ብዙም አያሳምነኝም።

በኢትዮጵያ የመዝገብ ዋጋ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ ምክንያቱም ያረጀው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን የተመዘገበበት ብርም ነው። በ2010 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በ27 ብር ዘመን አንድ ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የወፍጮ መስመር በመዝገብ 27 ሚሊዮን ብር ነው። አሥር ዓመት ተገምቶለት ስምንቱ ካለፉ የቀረው 5.4 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። ሌላው ዘርፍ ያንኑ መስመር፣ ያንኑ አቅም፣ ያንኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ቢያስገባ ከ100 ሚሊዮን ብር በላይ ይመዘገብበታል።

ሁለቱ በዓመት እኩል 15 ሚሊዮን ብር ቢያተርፉ፣ የአሮጌው ምጣኔ 278 በመቶ ይሆናል፤ የአዲሱ 15 በመቶ አይሞላም። ቀሪ ትርፍም እዚህ ላይ አይታደግም። አሮጌው በ14 በመቶ የሚከፍለው 756 ሺህ ብር ነው፤ አዲሱ ከ14 ሚሊዮን በላይ። ሁለቱም መለኪያዎች የሚያነቡት አንድ መዝገብ ነውና መዝገቡ ከተዛባ አብረው ይዛባሉ። እንዲህ ባለ ቦታ አዲስ ማሽን የሚገዛ ኃላፊ ጀግና ወይም የዋህ መሆን አለበት። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ቋሚ ንብረትን እንደገና አስገምቶ በአዲስ ዋጋ መያዝን ይፈቅዳል። ለውጭ ሪፖርት ይህን ያልመረጠ ድርጅት እንኳ ለውስጥ ምዘና የማሽኖቹን የዛሬ መተኪያ ዋጋ በግምት ይዞ ሁለቱን ዘርፎች በእኩል መሠረት ማየት ይችላል። ግምቱ ሻካራ ቢሆንም ከ278 በመቶው ይሻላል።

ካፒታሉ የሚለካበት ቀንም ዋጋ አለው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 በሚዘጋ ድርጅት ውስጥ ካፒታሉ የሚነበበው በዚያች ቀን ብቻ ከሆነ፣ በሰኔ ወር ብዙ ነገር ይቸኩላል። የጥሬ ዕቃ ግዢ ወደ ሐምሌ ይገፋል፣ ደንበኛ ቶሎ እንዲከፍል ቅናሽ ይሰጠዋል፣ የታዘዘ ማሽን ጉምሩክ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። በሐምሌ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ልዩ ኦዲት አያስፈልግም፤ የክምችቱንና የተሰብሳቢ ሂሳቡን የ12 ወር ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ማየት ይበቃል። በየሰኔው ጉድጓድ ካለ ነገሩ ታውቋል። የአንድ ቀኑን ቁጥር በወራቱ አማካይ መተካትም ጨዋታውን በአብዛኛው ያቆመዋል።

የካፒታል ክፍያ በዘርፍ ደረጃ ሲገባ ሰው የሚያየው ነገር መለወጡን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ ከኮካ ኮላ አለ። በሮቤርቶ ጎይዙዌታ አመራር ዘርፎች ለያዙት ካፒታል መጠየቅ ሲጀምሩ፣ የለስላሳውን ውህድ ለማጓጓዝ ይጠቀሙበት የነበረው ውድ የማይዝግ ብረት መያዣ በካርቶን ተተካ። ስተርን ስቲዋርት የተባለው አማካሪ ድርጅት የቀሪ ትርፍን ሐሳብ በርካታ የሒሳብ ማስተካከያዎች ጨምሮበት በራሱ የንግድ ምልክት ኢ ቪ ኤ ብሎ ሲሸጠው፣ ፎርቹን መጽሔት በ1993 ይህንኑ ዓይነት ታሪክ አሰራጨ። የብረት መያዣው ለዓመታት በትርፍና ኪሳራ ሪፖርት ላይ በቀጭን የእርጅና መስመር ብቻ ይታይ ስለነበር ማንም ዋጋውን አልጠየቀም ነበር።

ስለዚህ ቦርድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የለበትም፤ የየራሳቸውን ሥራ መስጠት አለበት። ምጣኔው፣ በተለይ በብራውን መንገድ ለሁለት ሲከፈል፣ ችግሩ ዋጋ ላይ ነው ወይስ መጋዘን ውስጥ የሚለውን ለመመርመር ጥሩ ነው። ቦነስ ግን ከምጣኔው ጋር መታሰር የለበትም፤ ከቀሪ ትርፍ ዓመታዊ ለውጥ ጋር ይሂድ። ከፊሉም ወዲያው ሳይከፈል ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይያዝ፤ ቀሪ ትርፉ ተመልሶ ከወረደ ከተያዘው ላይ ይነሳል። የስተርን ስቲዋርት ሰዎች የቦነስ ባንክ ያሉት ይህንን ነው። ይህም ቢሆን በሁለት ዓመት የሚዛወረውን ኃላፊ ችግር የሚፈታው፣ ያስቀረው ገንዘብ ከተዛወረም በኋላ በገዛው ማሽን ውጤት የሚከፈለው ከሆነ ብቻ ነው።

14 በመቶው ራሱም ከክርክር አያመልጥም። ለዱቄትና ለፓስታ አንድ መሆኑ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ማኅበሩ ነገ ወደ አበባ እርሻ ወይም ወደ ሶፍትዌር ቢገባ ግን ስጋቱ ሌላ ስለሆነ ክፍያውም ሌላ መሆን አለበት። በሁሉም ላይ አንድ ቁጥር ከተጫነ ስጋት ያለበት ዘርፍ በርካሽ ገንዘብ ይንበሸበሻል፤ የተረጋጋው ዘርፍ የሌላውን ዕዳ ይከፍላል። የብድር ወለድ ሲለወጥ ቁጥሩ መከለስ አለበት፤ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ግን መንካት አይገባም፤ ኃላፊው ያልወሰነበትን ጉድለት ይሸከማልና። የሚቀየረው በጀት ከመጽደቁ በፊት ነው፤ ዘርፎቹም ዕቅዳቸውን የሚያወጡት አዲሱን ቁጥር በእጃቸው ይዘው መሆን አለበት።